ለፋሲካ ያደለብሁት በሬ

«በሬውን ያጠገብሽው አንቺ፣ የምተፋው እኔ» አለችኝ።

ይህን ያለችኝ ሸክላ ሠሪዋ ጎረቤታችን ናት። በራፏ ላይ ቆሜአለሁ፤ ከቤታችን ድረስ ሮጬ ስለመጣሁ ትንፋሼ ይቆራረጣል። እሷ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆና ያልደረቀ ድስት አፉን ትዳብሳለች። አባቴ የላከኝ «ጥሪያትና ትትፋበት» ብሎ ነው። በእኛ አገር ከብት ወይም ሰው ድንገት ሲታመም ዓይን በላው ይባላል፤ በላች የተባለችው ሰው መጥታ እንትፍ ካለችበት ይለቀዋል ይባላል። በላች የምትባለው ደግሞ ሁልጊዜ ሸክላ ሠሪዋ ናት፤ ካልሆነም ቀጥቃጩ ወይም ሸማኔው። ገበሬ በላ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

እውነቷን ነበር።

በሬውን የገዛነው ጥር ላይ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ፈተናውን እንደ አብዛኞቹ የክፍሌ ልጆች ሳላልፍ ቀርቼ፣ ቤት ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሥራ አልፈራም፤ ሩዝ አርማለሁ፣ አጭዳለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ ግን አይሆንልኝም። ሐሳቤ ወረታ መገንጠያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የልብስ ስፌት መኪና መትከል ነበር። ለአባቴ ስነግረው «በምን?» አለኝ።

«በበሬ» አልሁት። «ከሲታ እንገዛለን፣ እስከ ፋሲካ እቀልበዋለሁ፣ በበዓል ዋጋ እንሸጠዋለን።»

ሦስት ቀን ሲያስብ ቆየና ሩዝ የሸጠበትን አወጣ። «ይህ የክረምቱ ማዳበሪያ ነው» አለኝ። «ዋናውን ትመልሻለሽ፣ ትርፉ ያንቺ። ቢሞትብሽ ግን ማሳው ያለ ማዳበሪያ ያድራል፣ አንቺም ከዚህ ቤት የትም አትሄጂም።»

እሺ አልሁ። ያን ቀን አልፈራሁም። ፍርሃቱ የመጣው በሬው እኛ በረት ከገባ በኋላ ነው።

ገበያ ላይ አባቴ ያማሩትን ሁሉ እያለፈ ሄደ። እኔ አንዱን ወፍራም ሳሳየው ሳቀብኝ። «ሥጋ አይደለም የምንገዛው። የሥጋ ቦታ ነው የምንገዛው» አለ። ጀርባው ረዘም፣ ደረቱ ሰፋ ያለ፣ አጥንቱ የሚቆጠር፣ ግን ያልታመመ ይፈልግ ነበር። ቆዳውን ከጎድኑ ላይ ስቦ ይለቀዋል፤ ቶሎ ከተመለሰ እሺ ይላል። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። የሚያስለውን፣ አገጩ ሥር ያበጠውን ቀና ብሎም አላየውም። መጨረሻ ላይ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ቦራ የሆነ ጥቁር ወይፈን ያዝን። ሻጩ «እርሻ አላለመድሁትም» አለ። አባቴ «ለእርሻ አይደለም» አለው። ሻጩ ነገሩ ገባውና ዋጋ ሊጨምር ሞከረ፤ ገመዱ ግን እጃችን ገብቶ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ከብት ሐኪሙ ወስደን መድኃኒት አስዋጥነው። ጣና ዳር ረግረጉ ላይ የዋለ ከብት ጉበቱ ውስጥ ትል አያጣም፤ ትሉን ሳያስወጡ መቀለብ ትሉን ማደለብ ነው። ከዚያ አሰርነው። የሩዝ ገለባ፣ ጨው የተረጨበት። ድርቆሽ። እናቴ ጠላ ስትጠምቅ አተላው። ፋጉሎ፣ ማለት ከኑግ ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው፣ ከወረታ በባጃጅ አመጣሁ። ከሩዝ መፈልፈያው ደግሞ ዱቄቱንና ስብርባሪውን። ዱቄቱና ስብርባሪው ያወፍራሉ፣ ግን በአንዴ አይሰጡም። በእፍኝ ተጀምሮ፣ በየጥቂት ቀኑ በትንሽ በትንሹ ይጨመራል። «የከብት ሆድ እንደ አዲስ ሙሽራ ነው፣ ቀስ ብለሽ አስለምጂው» ይለኛል አባቴ። እኔም አስለመድሁት። ትምህርት ቤት የተማርሁት ለአንድ ነገር ይጥቀመኝ ብዬ በየሳምንቱ ደረቱን ዙሪያውን በሲባጎ እለካ ነበር። ሲያድግ ሲባጎው ላይ ቋጠሮ እቋጥራለሁ። ቋጠሮዎቹ ተራመዱ። ጎድኑ ጠፋ፣ የጭራው ሥር ሞላ፣ ሲሄድ ትከሻው ይወዛወዝ ጀመር።

እናቴ በበኩሏ በሬውን ትደብቀው ነበር። በረቱን ዙሪያውን በገለባ ጋረደችው። ቦራውን በጥላሸት አጠቆረችው። ሰው መጥቶ «ያ ወይፈናችሁ እንዴት ሆነ?» ሲላት «ኧረ ተወኝ፣ መብላት እምቢ ብሏል» ትላለች፤ በሬው ከጀርባዋ ሲያላምጥ ይሰማል።

እኔ ዓይን አልፈራም። እኔ የምፈራው ጠዋትን ነው። ጠዋት ጠዋት የበረቱን መዝጊያ ከመክፈቴ በፊት ቆሜ አዳምጣለሁ። ሲያመሰኳ ከሰማሁ እገባለሁ። ካልሰማሁ እጄ መዝጊያው ላይ ይቀራል። አንድ ቀን ተኝቶ ዝም ሲል አገኘሁትና ጆሮውን ጎተትሁት፤ ተነሥቶ በጎኑ ግድግዳው ላይ ሊያጣብቀኝ ነበር። ሳይሠራ ሦስት ወር የበላ በሬ መሆኑን የረሳሁት እኔ ነኝ። ጎኔ ለሳምንት አመመኝ፤ እኔ ግን ስለሱ ነበር የማስበው፤ እግሩን ወለም ብሎት እንደሆነ እያልሁ።

የጾሙ እኩሌታ ሲያልፍ ሲባጎው ቆመ። ሁለት ሳምንት አንድም ቋጠሮ አልጨመረ። ከወረታ የሚመለስ ሰው ሁሉ ገበያው ላይ ከጣራ ገዳም በኩል የመጡ እንዲህ ያሉ ሠንጋዎች አየሁ ይላል። የእኔ በመካከላቸው ሲቆም ታየኝ፤ ትንሽ ሆኖ። ትርፉ ቀንሶ ቀንሶ ለመኪናው ሳይበቃ፣ እኔ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆሜ ሩዝ ስነቅል ታየኝ።

አርብ ማለዳ እናቴ ቤተ ክርስቲያን፣ አባቴ ማሳ ሲሄዱ፣ ስብርባሪ ሩዙን በጣሳ መስፈር ትቼ ሳፋውን ሞላሁለት። በቀን ሁለት ጣሳ ለሚበላ በሬ ሙሉ ሳፋ። ላሰው። ሳፋውን በምላሱ ሲገፋው እየሳቅሁ ነበር። ከዚያ ውሃ አጠጣሁት፣ እስኪበቃው። ሩዝ ውሃ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ድስት የጣደ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።

ረፋዱ ላይ ሸክላ ሠሪዋ እበት ልትወስድ መጣች። ድስቶቿን የምትተኩሰው በደረቅ እበትና በሩዝ ገለፈት ነው፤ የእኛን እበት ትወስዳለች፣ በዓመት አንድ ሁለት ምጣድና ድስት ትሰጠናለች። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ከፊት ከፊቷ ትሄዳለች፣ በረቱን እንዳታይ። አየች ግን። ቅርጫቷን አስቀመጠችና በሬውን ከግራ ጎኑ ተመለከተችው።

«ይህ ሆዱ አላማረኝም። ምን አበላችሁት?» አለች።

እናቴ ፊቷ ተለወጠ። «ምንም አልበላም» አለች፤ እበቱን ራሷ ጠርጋ ሞልታ ሸኘቻት።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ በሬው ማመስኳቱን አቆመ። ጥርሱን ያፋጫል። ይተኛል፣ ይነሣል፣ በኋላ እግሩ ሆዱን ይመታል። ግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ተወጠረ፤ በጣቴ ብመታው ጮኸ። አባቴን ከማሳ ጠራነው። እናቴ «አላልሁም? አላልሁም? ሆዱን ጠርታ ነው የሄደች» ትላለች። አባቴ ወደ ከብት ሐኪሙ ደወለ፤ ኔትወርክ የለም። ያኔ ነው ወደ እኔ ዞሮ «ሩጪ፣ ጥሪያትና ትትፋበት» ያለኝ።

እኔ ነኝ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። በሬው አቃሰተ። አፌን ዘግቼ ሮጥሁ።

እንግዲህ እዚያ በራፏ ላይ ነኝ።

«ስብርባሪ ሩዙን አገጩ ላይ አይቼዋለሁ» አለችኝ። «ስንት ሰጠሽው?»

«ሳፋ።»

«ሙሉ?»

ራሴን ነቀነቅሁ። እጇን ውሃ ውስጥ ነከረች። «ባልመጣ ገደለችው ትላላችሁ። ብመጣና ቢድን፣ በልታው ኖሯል ትላላችሁ። የትኛው ይሻለኛል?»

«ቢድን ይሻላል፣ እትዬ።»

«ላንቺ» አለች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሣች።

መንገድ ላይ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ብታስቀድመኝ ኖሮ እመርጥ ነበር፤ የሰው አጥር ባለፍን ቁጥር አንገቶች ይወጣሉ፣ የሚያዩትም እሷን ነው። በሬው ሞቶ ብንደርስ እዚያ ያለው ሰው ምን ያደርጋታል ብዬ አሰብሁ። ከዚያ መልሼ ስለ በሬው አሰብሁ። እውነቱን ከጻፍሁ አይቀር፣ ስለ በሬው የበለጠ አሰብሁ።

ስንደርስ አባቴ በሬው አፍ ላይ እንጨት አጋድሞ በገመድ ከቀንዱ ጋር አስሮታል፤ አፉ እንዳይገጥም፣ እያላመጠ አየሩን እንዲያወጣ። አንድ ጠርሙስ የኑግ ዘይት በጎሮሮው አፍስሶለታል፤ ዘይቱ በአገጩ ይንጠባጠባል። ጎረቤት ግቢውን ሞልቶታል። ለእሷ መንገድ ለቀቁላት፣ ሰፊ መንገድ፣ ልብሷ እንዳይነካቸው።

ሄዳ ግራ ጎኑ ላይ «እንትፍ፣ እንትፍ» አለች። ምንም የለም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለአባቴ «ፊቱን ወደ ዳገቱ አዙሩት፣ የፊት እግሩ ከፍ ይበል፣ ጎኑን እሹት» አለችው። አባቴ እንዳለችው አደረገ። አሸነው፤ እኔም አብሬ አሸሁ። ቆዳው ከእጄ ሥር እንደ ጣውላ ነበር። ስንት ጊዜ እንዳለፈ አላውቅም። ድንገት በሬው አንገቱን ዘርግቶ ረዥም ግሳት አገሳ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ግቢው የኮመጠጠ ጠላ ጠላ ሸተተ፤ ሩዙ ሆዱ ውስጥ ፈልቶ ነበር።

አባቴ ሽታውን ሲያሸት አየሁት። ዞሮ አየኝ። ከዚያ አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ጠረገና ገመዱን መፍታት ጀመረ።

እናቴ መሬት ሳመች። «ለቀቀችው» አለች። «ለቀቀችው» አሉ ሁሉም።

ያን ቀን የበሬው መዳን በሴትዮዋ ላይ ምስክር ሆነ። እስከ አርብ ሲጠረጥሯት ነበር፤ ከአርብ ወዲያ አወቁባት። ውሃ ቀጂዎቹ ስትመጣ ጀሪካናቸውን እየሳቡ ይሸሻሉ። እናቴ እበታችንን እንዳትወስድ ከለከለቻት፤ ሌሎቹም ከለከሉ፤ ለበዓል ገበያ ያዘጋጀቻቸው ድስቶች ሳይተኮሱ ቤቷ ውስጥ ተደርድረው ቀሩ። እኔ ሁሉን እሰማለሁ፣ አያለሁ። በሬው ቀጥኖ አንዱን ቋጠሮ አጥቶ ነበር፤ በገለባና በድርቆሽ ብቻ ቀስ ብዬ መለስሁት። አሁን ብናገር አባቴ ማዳበሪያውን አስታውሶ ነገ ይሸጠዋል፣ ከሲታውን፣ በከሲታ ዋጋ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መዝጊያው ላይ ቆሜ ማዳመጤን ቀጠልሁ።

በሰሞነ ሕማማት፣ በበዓሉ ገበያ ቀን፣ ገና በማለዳ ነዳነው። በረት የከረመ በሬ መንገድ አያውቅም። አባቴ ከፊት ገመዱን ይዟል፣ እኔ ከኋላ በዘንግ። አስፋልቱ ላይ የጭነት መኪና ሲያልፍ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ባጃጅ ጡሩንባ ሲነፋ ወደ ቦዩ ዘለለ። እግሩ ቢሰበር እያልሁ ወረታ እስክንገባ ድረስ ሰኮናውን ብቻ እያየሁ ሄድሁ።

ከብት ተራው ሞልቷል። ሳምንቱ ሕማማት ስለሆነ ሰው አይጨባበጥም፣ ሰላምም አይባባልም፤ ዋጋ ግን ይባባላል። አንድ የጎንደር ልኳንዳ ነጋዴ መጥቶ በሬያችንን ዞረው። ጀርባውን ጨበጠ፣ የጭራውን ሥር ያዘ፣ ከዚያ አባቴ ያልጠበቀውን ዋጋ ጠራ። አባቴ ትንሽ ጨምር አለ። ደላላው መሐል ገባ። ሊጨርሱ ነበር።

ከእኛው ቀበሌ አንድ ሰው፣ የራሱን በሬ አስሮ ያልተሸጠለት፣ ከጎን «ያ ሸክላ ሠሪዋ የተፋችበት ወይፈን አይደለም? ተርፎ እዚህ ደረሰ?» አለ። ለቀልድ ይመስላል አነጋገሩ።

ነጋዴው እጁን አነሣ። «ቡዳ ያየውን ሥጋማ አልሸጥም። ደንበኛዬ ቢሰማ ልኳንዳዬን ልዝጋ እንዴ?»

ነጋዴው ዞረ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ ሲራመድ አየሁ፤ መኪናዬ፣ ክፍሌ፣ ሁሉ አብሮት ሲሄድ።

«ማንም አላየውም» አልሁ። ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ። «እኔ ነኝ። ሙሉ ሳፋ ስብርባሪ ሩዝ በአንዴ አበላሁት፣ ከላዩ ውሃ አጠጣሁት፣ ተነፋ። በኑግ ዘይት ዳነ። ዓይን አይደለም። ጥጋብ ነው።»

ሰው ሳቀ። ነጋዴው ተመልሶ መጣ። ግራ ጎኑን በጡጫው ገፋ፣ ጭራውን አንሥቶ እበቱን አየ፣ አስኬደው። ከዚያ ዘንጉን ተደግፎ ቆመ፣ በሬው እስኪያመሰኳ። የቆየው ትንሽ ነበር፤ ለእኔ ግን ከጥር እስከዚያ ቀን ካለፈው ይረዝማል። በሬው ጉሮሮው ተንቀሳቀሰ፤ ማላመጥ ጀመረ።

«ጥጋብ ከሆነማ ጥጋቡንም አብሬ ገዛሁት» አለ ነጋዴው።

አባቴ ዋናውን ቆጥሮ ኪሱ ከተተ፤ የቀረውን በመሐረብ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ለክፍሉም ለአሮጌ መኪናም ይበቃል። «ያ ያመጣሽው ዘዴ» አለኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ለነጋዴ የሚባለውን ታውቂያለሽ።»

«ዘዴ አይደለም፣ አባዬ።»

ገመዱን እየጠቀለለ ወደ ሌላ ወገን አየ።

ሸክላ ተራው ከከብት ተራው ብዙም አይርቅም። እሷ ቀድማ የተኮሰቻቸውን ሦስት ድስቶች አቅርባ ተቀምጣለች፤ የሌሎቹ ሴቶች ሸክላ ተከምሯል። ሄጄ ፊቷ ቆምሁ።

«ሰማሁሽ» አለች፣ ቀና ሳትል።

«እውነቱን ተናገርሁ።»

«ለበሬው ተናገርሽለት» አለች። «እሑድ ሰው ሁሉ ግቢያችሁ ይመጣል። እዚያ የሚሸጥ በሬ የለም።»

የፋሲካ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ቤታችን መጣ። እሷ አልተጠራችም። ሥጋው ቀርቦ ጠላው ሲዞር ተነሣሁ። ገበያ ላይ ያልሁትን ደገምሁት፤ ግን እዚህ ድምፄ አልወጣ አለኝ፣ ሁለት ጊዜ ጀመርሁት። ሳፋውን ከጓዳ አምጥቼ መሐል አስቀመጥሁት። «በዚህ ነው። ሙሉ። እሷ አላየችውም፤ ሆዱ አላማረኝም ያለችው እንድናውቅ ነው። ፊቱን ወደ ዳገት አዙሩት ብላ ያዳነችውም እሷ ናት» አልሁ።

እናቴ ሳቀች። «ወረታ ላይም እንዲህ ብላ ነው የሸጠችው። ምላሷን ያየ ነጋዴ ይቀናባታል።» ሰዎቹም ሳቁ።

አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን እጃቸውን አነሡ። «ይሁን ልጄ። አበላሁት ትያለሽ። ግን ስትተፋበት ዳነ አይደለም?»

«የዳነው በዘይቱ ነው፣ አባባ። እርስዎም እዚያው ነበሩ፣ ሽታውን አሽትተዋል።»

«አሸተትሁ» አሉ። «ስትተፋበት ነው የሸተተኝ።»

አባቴን አየሁት። እሱም ሽታውን አሽትቷል። «አባዬ፣ ንገራቸው» አልሁት።

ቢላውን ሥጋው ላይ አቆመው። «ትርፍሽን ይዘሻል» አለኝ። «ቁጭ በይና ብይ።»

ሳፋውን አነሣሁ። በረቱ ባዶ ነበር፤ ጥግ ላይ የደረቀውን እበት ሳፋው እስኪሞላ ዛቅሁበት። የልብሴን ፌስታል ከማጀት አውጥቼ ክንዴ ላይ አንጠለጠልሁ፣ ብሩ ያለበትን መሐረብ ጡቴ ሥር አጠበቅሁ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ወዴት ነው?» አለችኝ። ሳፋውን አናቴ ላይ አድርጌ የአጥሩን በር በእግሬ ገፋሁትና ወደ ሸክላ ሠሪዋ ቤት በሚወስደው፣ ከዚያም ወደ ወረታው አስፋልት በሚያወጣው መንገድ ሄድሁ።